ሜገሩ «ደህና ነው» ካለ በኋላ

«ጋሼ፣ አዘዞ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሰራተኛ ነኝ። ትራንስፎርመራችን 315 ኬቪኤ፣ 15 ኪሎ ቮልት በ400 ቮልት ነው። ሐምሌ ላይ መብረቅ ከጣለ በኋላ አንዱ ድሮፕ አውት ፊውዝ ተቃጠለ፤ ተቀይሮ ሰራ። አሁን ግን ወፍጮው ሲጫን መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። በአንዱ የሎው ቮልቴጅ ቡሺንግ ስርም ዘይት ያንጠባጥባል። ሜገር አደረግን፣ ጥሩ ነው። ቮልቴጁም በሦስቱም ፌዝ እኩል ነው። አንዱ ባለሙያ ጥቅሉ ተቃጥሏል፣ ይውረድና ይጠቅለል ይላል። ሌላው ላልቶ ነው፣ አጥብቁት ይላል። ሳናወርደው እዚሁ ማወቅ ይቻላል?»

ይቻላል ወንድሜ። ሁለት ልኬት ይበቃሃል። አንዱ የዋይንዲንግ ሬዚስታንስ ነው፣ ሌላው ተርን ሬሾ። ሁለቱንም ትራንስፎርመሩ ከቆመበት ሳይነሳ በግማሽ ቀን ትጨርሳቸዋለህ።

መጀመሪያ ሜገሩ ለምን እንዳልረዳህ ልንገርህ። ሜገር የኢንሱሌሽን መለኪያ ነው፤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጥቅሉ ወደ ታንከሩ፣ ወይም ከሃይ ወደ ሎው የሚያፈስ መንገድ አለ ወይ? አንድ ፌዝ ውስጥ ሃያ ዙር እርስ በርሱ ቢገናኝ ሜገሩ ግድ የለውም። ጥቅሉ አሁንም ከታንከሩ ተነጥሎ ነው ያለው። ቡሎን ቢላላም እንደዚያው። ስለዚህ ጥሩ ሜገር ይዘህ «ትራንስፎርመሩ ደህና ነው» ማለት አትችልም።

ቮልት ሜትሩም አሳስቶሃል። ብዙ ሰው ግንኙነት ከላላ ቮልቴጁ በግልጽ ይወርዳል ብሎ ያስባል። ቁጥሩን እንየው። የእናንተ ትራንስፎርመር ሙሉ ጭነት ሲይዝ በሎው በኩል 455 አምፒር ገደማ ያልፋል። አንድ መገጣጠሚያ ላይ 1 ሚሊ ኦም ብትጨመር የሚጠፋው ቮልቴጅ ግማሽ ቮልት እንኳን አይሞላም። መልቲሜትርህ ላይ ለይተህ አታየውም። ሙቀቱ ግን 455 ሲባዛ በ455 ሲባዛ በ0.001 ነው፤ ከ200 ዋት በላይ። ይህ ሁሉ የጣት ራስ በምታህል ቦታ ላይ ነው የሚወጣው። ጎማው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ዘይት ይወርዳል። እናንተ ጋ ያለው ማንጠባጠብ እኔን ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። አንድ ፌዝ ላይ ሃያ ሠላሳ ቮልት ወርዶ ሌላው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ኒውትራሉን እንድታይ ነበር የምመክርህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሬዚስታንስ የሚያየው መገጣጠሚያን ነው። ሬሾ የሚያየው የዙር ብዛትን ነው። አንዱ የሌላውን ስራ አይሰራም። ብዙ ጊዜ ሰው አንዱን ብቻ ለክቶ ሲፈርድ አያለሁ፤ በዚህ ምክንያት ጤነኛ ጥቅል ሲፈታ አይቻለሁ።

ለምን እንደማይተካኩ ላሳይህ። በዚህ መጠን ያለ ትራንስፎርመር የሎው ጥቅሉ በአንድ ፌዝ ሠላሳ ዙር አካባቢ ነው። 29 ነው እንበል። ሃዩ ደግሞ ወደ 1,884 ዙር ይመጣል። ከሃዩ ሃያ ዙር ሾርት ቢሆን የፌዙ ሬዚስታንስ የሚቀንሰው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ሃዩ ዴልታ ስለሆነ ከውጭ ስትለካው ይህ ወደ 0.7 በመቶ ይወርዳል። መዳብ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ብቻ 0.4 በመቶ ይለዋወጣል። ከላይና ከታች ያለው ዘይት በሁለት ዲግሪ ቢለያይ ያንን ሾርት ይሸፍንልሃል። ስለዚህ የሬዚስታንስ መለኪያ ይዘህ ሾርት የሆነ ዙር አትፈልግ። በተቃራኒው ሬሾ ስትለካ በጥቅሉ የሚያልፈው ከረንት ኢምንት ነው። 1 ሚሊ ኦም የላላ ቡሎን ሬሾው ላይ ምንም አያሳይም።

ስራው እንዲህ ይሄዳል። ድሮፕ አውቱን የሚከፍተው የመብራት አገልግሎት ሰራተኛ ነው፤ አስቀድመህ አስፈቅድ። መስመሩ መሞቱ በሃይ ቮልቴጅ መፈተሻ ይረጋገጥ፣ ከዚያ ከመሬት ጋር ይታሰር። በሃይም በሎውም ያለውን ገመድ ሁሉ ፍታ፣ ኒውትራሉንም ጭምር። ካልተፈታ የፋብሪካውን ገመድ አብረህ ነው የምትለካው። ዋናው ብሬከር ከወረደ በኋላ ዘይቱ እንዲረጋ ጥቂት ሰዓት ስጠው። እኔ ማታ አስጠፍቼ ጠዋት ፀሐይ ታንከሩን ሳትመታው መለካት እወዳለሁ። የጎንደር ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፣ ዘይቱም ከላይ እስከ ታች ተቀራራቢ ሆኖ ይጠብቅሃል።

የሃዩን ዙር ብዛት በደረጃ የሚቀያይረውን የታፕ ቼንጀር ቦታ ጻፍ። አትንካው። አንዳንዱ ሰው እንደደረሰ እጀታውን ያዞረዋል። ካዞርከው የቆሸሸው ኮንታክት ይታሸትና ችግሩ ከዓይንህ ይጠፋል። መጀመሪያ እንዳገኘኸው ለካ።

ሬሾውን አስቀድም፣ ሬዚስታንሱን አስከትል። ይህ ቅደም ተከተል ምክንያት አለው። ሬዚስታንስ የሚለካው በዲሲ ነው። ዲሲ ደግሞ ጥቅሎቹ ያሉበትን የብረት ኮር ማግኔት አድርጎት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የምትለካው የሬሾ መሣሪያው ከረንት የተዛባ ይሆናል። ጤነኛውን ትራንስፎርመር ሾርት ያስመስልብሃል።

የእናንተው ዓይነት ትራንስፎርመር ሃዩ ዴልታ፣ ሎው ስታር ነው፤ በብዛት የሚገኘው Dyn11 ነው፣ ሰሌዳው ላይ አረጋግጥ። መሣሪያው የሚያወዳድረው አንድ የሃይ ጥቅልን በዚያው የኮር እግር ላይ ካለው የሎው ጥቅል ጋር ነው። ስለዚህ የምትጠብቀው ቁጥር 37.5 አይደለም። እንዲህ ነው የሚሰላው፦

```
15000 / (400 / 1.732) = 64.95
```

ይህ መካከለኛው ታፕ ላይ ነው። ታፑ በ2.5 በመቶ የሚራመድ ከሆነ አንድ ደረጃ ወደ ላይ 66.58፣ አንድ ደረጃ ወደ ታች 63.33 ይሆናል። የሚፈቀደው ልዩነት ግማሽ በመቶ ነው። ለ64.95 ከ64.63 እስከ 65.28 መሆን አለበት ማለት ነው። ኢምፒዳንሱ 4 በመቶ ከሆነ ደግሞ ወደ 0.4 በመቶ ይጠብባል።

አንዱ ፌዝ 66.6 አካባቢ፣ ሁለቱ 64.95 ቢሉህ ወዲያው ሾርት ነው አትበል። ልዩነቱ ልክ አንድ የታፕ ደረጃ ነው። የዚያ ፌዝ የታፕ ኮንታክት ከጓደኞቹ ጋር አልሄደም። ይህ ጥቅል የማያስነካ ጥገና ነው። በሎው በኩል አንድ ዙር ጎድሎ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ 3.6 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ 29 የነበረው 28 ሆኗልና።

ከሬሾው ቁጥር ይልቅ እኔ የማምነው ግን መሣሪያው አብሮ የሚያሳየውን የኤክሳይቴሽን ከረንት ነው። ሾርት የሆነ ዙር በኮሩ ላይ የተጠቀለለ፣ ጫፉ የተገናኘ ቀለበት ማለት ነው። መሣሪያው ኮሩን ማግኔት ማድረግ ሲጀምር ያ ቀለበት የራሱን ከረንት ይስባል። ጤነኛ ትራንስፎርመር ላይ ሁለቱ የጎን እግሮች ተቀራራቢ ያነባሉ፤ የመሃሉ ዝቅ ይላል፣ የማግኔቱ መንገድ አጭር ስለሆነ። ሾርት ያለበት እግር ግን ከጓደኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። አንዳንዴ መሣሪያው ሬሾውን ጨርሶ ማንበብ ያቅተዋል። ያ ማቃት ራሱ መልስ ነው፤ ክላምፑን አስተካክለህ ደጋግመህ ሞክር፣ በዚያው ፌዝ ላይ ብቻ ካቃተው ጥርጣሬህ ትክክል ነው።

የሬሾ መሣሪያ ከሌለህ ሌላ መንገድ አለ። በሃይ በኩል ሦስቱን ፌዝ 400 ቮልት ስጠው፣ በየመስመሩ 1 አምፒር ፊውዝ አስገብተህ። በሎው በኩል ከፌዝ ወደ ኒውትራል ለካ። 390 ቮልት ከገባ መካከለኛው ታፕ ላይ 6.00 ቮልት ታገኛለህ። የመብራቱ ቮልቴጅ ስለሚወዛወዝ በሁለት መልቲሜትር የሃዩንና የሎውን በአንድ ቅጽበት አንብብ። በዚህ መንገድ የተሳሳተ ታፕን ወይም የጎደለ የሎው ዙርን ትይዛለህ። በሃይ በኩል ያለ ጥቂት ዙር ሾርትን በቮልቴጁ አትይዝም። የሚስበውን ከረንት ግን ለካ። ጤነኛ ጥቅል በዚህ ቮልቴጅ ጥቂት ሚሊ አምፒር ነው የሚስበው። ሃያ ዙር ሾርት ሲሆን በመቶዎች ወደሚቆጠር ሚሊ አምፒር ይዘላል። እባክህ አንድ ነገር ጠብቅ፦ 400 ቮልቱን በስህተት ለሎው በኩል ብትሰጠው ከላይ ባለው ቡሺንግ 15,000 ቮልት ይወጣል። ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ እያነበበ አንዱ እያረጋገጠ ግጠሙት።

አሁን ሬዚስታንሱ። የሎው ጥቅሉ በዚህ መጠን 2.5 ሚሊ ኦም አካባቢ ነው። መልቲሜትር ይህን አያነብም፤ የራሱ ገመድ ከዚህ መቶ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። አራት ገመድ ያስፈልግሃል፦ ሁለቱ ከረንት ያስገባሉ፣ ሁለቱ ቮልቴጅ ያነባሉ። የቮልቴጁ መንካሻ ከከረንቱ ክላምፕ ወደ ውስጥ፣ በራሱ በቡሺንጉ ዘንግ ላይ ይቀመጥ። ዳዶው ላይ ወይም የገመዱ ጫማ ላይ ካስቀመጥከው የውጩን መገጣጠሚያ ከውስጡ ጋር ደባልቀህ ነው የምትለካው።

ከረንቱ ከጥቅሉ ሙሉ ከረንት አንድ አስረኛ አይለፍ፣ ያለበለዚያ ጥቅሉን እየለካህ ታሞቀዋለህ። ለሎው 10 አምፒር ይበቃል። የሃዩ ጥቅል ግን ሙሉ ከረንቱ 7 አምፒር ብቻ ነው፤ ከ0.7 አትለፍ። ከዚያ ጠብቅ። ኮሩ እስኪሞላ ንባቡ ይንሸራተታል፣ በተለይ በዴልታ። ሦስት ጊዜ በየሠላሳ ሰከንዱ አንብበህ እኩል ከሆነ ጻፈው። ቸኩሎ የተጻፈ ቁጥር ነው አብዛኛውን ጊዜ «ፌዙ ልዩነት አለው» የሚያሰኘው።

ከረንት እየሄደ ክላምፕ አትንቀል። ጥቅሉ ያጠራቀመውን ጉልበት በእጅህ ላይ ነው የሚያወርደው። መሣሪያው ዲስቻርጅ ጨርሻለሁ እስኪልህ ጠብቅ። በመኪና ባትሪና በፊት መብራት አምፖል የምትለካ ከሆነ መጀመሪያ ቮልት ሜትሩን አውጣ፣ ከዚያ የጥቅሉን ሁለት ጫፍ በወፍራም ገመድ አገናኝ፣ መጨረሻ ላይ ባትሪውን ፍታ።

አንድ የሰራሁትን ልንገርህ፤ ከእናንተው ጋር በጣም ይመሳሰላል። እዚሁ ጎንደር፣ መጠኑም 315 ነው። መብራት ብልጭ ድርግም፣ ሜገር ጥሩ፣ ከአንድ ቡሺንግ ስር ዘይት። ባለቤቱ ለማስጠቅለል መኪና ሊያስመጡ ነበር። ሬሾው በሦስቱ እግሮች 64.93፣ 64.97፣ 64.95 ሆነ። ከረንቱም ሁለቱ ጎን ተመሳሳይ፣ መሃሉ ዝቅ ያለ። ዙሩ ደህና ነው። የሃዩ ሬዚስታንስ በመስመር መካከል 7.05፣ 7.06፣ 7.05 ኦም። ሃዩም፣ የታፕ ኮንታክቱም ደህና ነው።

ሎው ላይ ስመጣ ከፌዝ ወደ ኒውትራል እንዲህ አነበብኩ፦ ኤ 2.51፣ ቢ 2.48፣ ሲ 3.60 ሚሊ ኦም። ሲ ከሌሎቹ በ1.1 ሚሊ ኦም ይበልጣል። ግን እዚያ አላቆምኩም። ከፌዝ ወደ ፌዝም ለካሁ። ኤ–ቢ 4.90፣ ቢ–ሲ 5.99፣ ኤ–ሲ 6.02 መጣ። ሲ ያለበት ንባብ ሁሉ ከፍ ይላል፣ ሲ የሌለበት ደህና ነው። ስለዚህ ችግሩ በሲ መንገድ ላይ ነው። ይህ ሁለተኛ ልኬት ሌላም ጥቅም አለው። ሦስቱም ወደ ኒውትራል ሲለኩ እኩል ከፍ ብለው፣ ከፌዝ ወደ ፌዝ ሲለኩ ደህና ከሆኑ የላላው ኒውትራሉ ነው። ወደ ኒውትራል ብቻ የሚለካ ሰው ሦስቱ እኩል ስለሆኑ «ጥሩ ነው» ብሎ ይሄዳል።

ዘይቱን ከቡሺንጎቹ ስር ዝቅ አድርገን ከፈትን። ከሲ ቡሺንግ ዘንግ ጋር የሚገናኘው ተጣጣፊው መዳብ ቡሎኑ ላልቶ ነበር። ሮንዴላው ሰማያዊ ሆኗል፣ ዙሪያው ጥቁር ጥላሸት። ፊቱን አጽድተን፣ አዲስ ስፕሪንግ ሮንዴላ አስገብተን፣ በቶርክ ቁልፍ አጠበቅነው። ከመዝጋታችን በፊት ለካን፦ 2.50። ጎማውን ቀይረን፣ ዘይቱን አጣርተን መለስን። የተጠቀለለ ነገር የለም።

እናንተ ጋ ግን የመብረቁን ታሪክ አልረሳሁትም። መብረቅ በሃዩ ጥቅል የመጀመሪያ ዙሮች ላይ ያርፋል፤ ዙርን ከዙር ሊያገናኝ ይችላል። ግን አስብበት። አንድ የሃይ ዙር ሾርት ሲሆን በሙሉ ቮልቴጅ 8 ቮልት አካባቢ በ5 ሚሊ ኦም ላይ ይቀራል። በግርድፉ ከሺህ አምፒር በላይ ነው፣ 7 አምፒር እንዲሸከም በተሰራ ሽቦ ውስጥ። የጥቅሉ ሊኬጅ ሪአክታንስ ቢቀንሰውም ይህ ወራት የሚቆይ ነገር አይደለም። ፊውዙ ተቀይሮ ከሐምሌ ጀምሮ እየሰራ ከሆነ ጥርጣሬዬ ወደ ላላ ግንኙነት ያደላል። ይህ ግምት ነው፤ የሚፈርደው ልኬቱ ነው።

ሬሾው አንድ ድክመት አለው። የሚለካው በዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ፣ ኢንሱሌሽኑ ተጎድቶ በሙሉ ቮልቴጅ ብቻ የሚገናኝ ዙር ላያሳይህ ይችላል። ሬሾውም ሬዚስታንሱም ጥሩ ሆነው ፊውዙ እንደገና ከተቃጠለ ሦስተኛ ፊውዝ አታስገባ። ያኔ ትራንስፎርመሩ ወደ ወርክሾፕ ሄዶ በሙሉ ቮልቴጅ የኖ ሎድ ፍተሻ ይደረግለት። የዘይት ናሙና ለጋዝ ምርመራ መላክም ይረዳል። ዘይቱ ውስጥ አሲቲሊን ከተገኘ ብልጭታ ነበር ማለት ነው።

ሬሾው ጥሩ ሆኖ የሃዩ ሬዚስታንስ ከተለያየስ? ዴልታ ላይ ችግሩ ወደ ሦስቱም ንባብ ይረጫል። አንዱ ጥቅል ጨርሶ ከተቋረጠ፣ ከጫፍ እስከ ጫፉ ስትለካ የሌሎቹን ሁለት እጥፍ ታያለህ፤ 21.2፣ 10.6፣ 10.6 ዓይነት። ትንሽ ከላላ አንዱ በግልጽ ከፍ ይላል፣ ሁለቱ ደግሞ በጥቂቱ እኩል ከፍ ይላሉ። እንዲህ ካየህ አሁን የታፕ ቼንጀሩን እጀታ፣ መስመሩ ሞቶ እያለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስር ጊዜ አመላልሰው። ወደ ነበረበት መልሰህ ለካ። ንባቡ ከተስተካከለ ኮንታክቱ ነበር የቆሸሸው። አመላልሰህ ካልተስተካከለ መክፈት ግድ ነው። ታፑን በነካህ ቁጥር ሬሾውን በድጋሚ ለካ። ኮንታክቱ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ መብራት ከተለቀቀ ጥቅሉን የምታጣው ያኔ ነው።

ፌዞቹን እርስ በርስ ስታወዳድር የሙቀት ማስተካከያ አያስፈልግህም፣ ሦስቱም በአንድ ዘይት ውስጥ ናቸው። እስከ 2 በመቶ ልዩነት እኔ አልፈዋለሁ። ሎው ላይ የመዳብ ዘንጎቹ ርዝመት ስለሚለያይ ትንሽ ከዚያ በላይ ቢመጣ አልደነግጥም፤ ከ5 በመቶ ካለፈ እከፍታለሁ። የፋብሪካውን የፍተሻ ወረቀት ካገኘህ ግን ወደ 75 ዲግሪ ማምጣት አለብህ። ለመዳብ ይህ ነው፦

```
R75 = R * (235 + 75) / (235 + T)
```

T ማለት የዘይቱ ሙቀት ነው፣ የአየሩ አይደለም። ጥቅሉ አሉሚኒየም ከሆነ 235 ባለበት 225 አስገባ።

ቡሺንጉን ከውጭ ብቻ ማጥበቅ ያሰበው ሰው ግማሽ መንገድ ነው የሄደው። የውጩን ዳዶ በኃይል ሲያጠብቅ ዘንጉ አብሮ ሊዞር ይችላል። ዘንጉ ከዞረ የውስጡ መዳብ ይጠማዘዛል፣ የላላው ይብስበታል። ስለዚህ ሳይለካ ማንም ቁልፍ አያሳርፍበት። ሽፋኑ የሚከፈት ከሆነም ዝናብ የሌለበትን ቀን ምረጥ፤ ከተከፈተም በዚያው ቀን ይዘጋ። ልኬቱን ስትጨርስ የታፑን ቦታ፣ የዘይቱን ሙቀትና ስድስቱንም የሎው ንባብ ጽፈህ ላክልኝ፤ ከፌዝ ወደ ኒውትራል ሦስቱን፣ ከፌዝ ወደ ፌዝ ሦስቱን።